ስልኩ መቼ ይጩኽ?

ዋሽንግተን መሐል ከተማ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ፈረቃዬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ደግሞ በዚሁ የምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈትና ከቀኑ 10 ሰዓት ይዘጋል። ገበያውና እኔ አብረን እንገባለን ማለት ነው፤ እሱ ግን ከእኔ ቀድሞ ይወጣል። እኔ ወደ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ስከፍት የቀኑ ነገር አልቆ ተዘግቶ ይጠብቀኛል።

ትሬድ ማድረግ በጀመርኩበት ዓመት ይህን ችግር በማንቂያ እፈታዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ብዙዎቻችን «አለርት» የምንለውን ነገር ማለቴ ነው፤ ዋጋው እዚህ ሲደርስ ስልኬ ላይ መልእክት ላክልኝ ብሎ ፕሮግራሙን ማዘዝ። በ14 አክሲዮኖች ላይ፣ በእያንዳንዳቸው ሁለትም ሦስትም አድርጌ ሞላሁ። አንድ ሐሙስ ቀን ስቆጥረው ስልኬ በአንድ ፈረቃ 31 ጊዜ ጮኸ። ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሞ እያየኝ ነው፣ አለቃዬም እያየኝ ነው። ድምፁን አጠፋሁት። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ሳምንት ስጠብቀው የነበረው አክሲዮን እፈልገው የነበረው ዋጋ ላይ ደርሶ ተመለሰ። መልእክቱ ከሌሎቹ ሥር ተቀብሮ ያገኘሁት ማታ ነው። በየመንገደኛው የሚጮህ ውሻ ካለህ ሌባ በመጣ ሌሊትም ተኝተህ ታድራለህ።

ጥፋቱ የፕሮግራሙ አልነበረም። እኔ ማንቂያውን የሠራሁት «ይህን ማወቅ ደስ ይለኛል» ለሚለው ሁሉ ነው። ማወቅ ደስ የሚለን ነገር መጨረሻ የለውም። አሁን አንድ ማንቂያ ከመሥራቴ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ሲጮህ ምን አደርጋለሁ? መልሱ «ቻርቱን ከፍቼ አያለሁ» ከሆነ ማንቂያው አልተሠራም፤ ጭንቀቱ ብቻ ነው ቦታ የቀየረው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ላንሣ። ዌልስ ዋይልደር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1978 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ማንኛውም የቻርት ፕሮግራም ላይ የምናገኛቸው አር.ኤስ.አይ. እና ኤ.ቲ.አር. የወጡት ከዚያ መጽሐፍ ነው። አር.ኤስ.አይ. በቅርብ ቀናት የነበረው ጭማሪና ቅናሽ አንዱ በሌላው ላይ ምን ያህል እንደበረታ ከ0 እስከ 100 ባለ ቁጥር ይለካል። ኤ.ቲ.አር. ደግሞ ዋጋው በአንድ ቀን በአማካይ ስንት እንደሚንቀሳቀስ በዶላር ይነግረናል። ዋይልደር አንባቢዎቹ በቀን አንድ ጊዜ እጃቸው የሚሞሉት ሠንጠረዥ ነበር ያዘጋጀላቸው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህን መለኪያዎች በየደቂቃው ማየት ያለብን የሚመስለን ስክሪኑ በየደቂቃው ስለሚያሳየን ነው እንጂ፣ ሲፈጠሩ ማታ ማታ ለሚያሰላ ሰው ነው የተፈጠሩት። የእኔ ብጤ ሰው ለእነሱ ባዕድ አይደለም።

ከዚህ የሚመጣው የመጀመሪያው ውሳኔ ማንቂያው ዋጋው መስመሩን ሲነካ ይጩኽ ወይስ ቀኑ በዚያ ላይ ሲዘጋ የሚለው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በፈረንጆቹ ኦገስት 5 ቀን 2024ን እንውሰድ። ሰኞ ነበር። የጃፓን ገበያ መለኪያ የሆነው ኒኬይ በአንድ ቀን ከ12 በመቶ በላይ ወረደ። የአሜሪካ ገበያ ምን ያህል ይናወጣል ተብሎ እንደሚጠበቅ የሚለካው ቪክስ የተባለው ቁጥር ደግሞ ኒውዮርክ ገና ሳይከፈት ከ65 በላይ ወጣ። ከአንድ ሳምንት በፊት ከ20 በታች ነበር። በቀኑ መጨረሻ ግን ቪክስ የዘጋው 38.57 ላይ ነው። በማግሥቱ ኒኬይ ከ10 በመቶ በላይ ተመልሶ ወጣ።

ቪክስ 50 ሲነካ ንገረኝ ያለ ሰው ያን ዕለት ማለዳ ከእንቅልፉ ተቀስቅሷል፤ ምናልባትም ያለውን ሁሉ በወረደ ዋጋ ሸጧል። ቀኑ ከ50 በላይ ሲዘጋ ንገረኝ ያለው ግን ምንም አልሰማም። ሁለቱ የጠየቁት ያንኑ ቁጥር ነው፤ ያገኙት ቀን ግን አንድ አይደለም። ሁለተኛው ሁልጊዜ ትክክል ነው አልልም። መዝጊያ የሚጠብቅ ሰው ገበያው በእውነት ሲደረመስም ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ነገር ግን ከስክሪን ርቆ የሚውል ሰው በቀን መሐል ለሚመጣ ነገር መልስ መስጠት አይችልም፤ መልስ ልሰጥበት በማልችልበት ሰዓት የሚመጣ ዜና ደግሞ ለእኔ መረጃ አይደለም።

በጠቋሚዎቹ ላይ ነገሩ ይብሳል። የዛሬው አር.ኤስ.አይ. ገበያው እስኪዘጋ ድረስ ያላለቀ ቁጥር ነው፤ ዋጋው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ይቀየራል። 40ን ሲያልፍ ንገረኝ ብለን ካዘዝን ከሰዓት በፊት አልፎ፣ ምሳ ላይ ተመልሶ፣ ከዚያ እንደገና አልፎ በመጨረሻ ከ40 በታች ሊዘጋ ይችላል። ማታ ቻርቱን ስንከፍት ማለፉ የሚባል ነገር ጭራሽ አይታይም። «ፕሮግራሙ ዋሸኝ» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የደረሰባቸው ይህ ነው። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ትሬዲንግቪው ላይ መድኃኒቱ ማንቂያው ሲሠራ `Once Per Bar Close` የሚለውን መምረጥ ነው። በቀን ካንድል ላይ ከሆነ መልእክቱ የሚመጣው ቀኑ ሲዘጋ ነው፤ የዘጋ ካንድል ደግሞ ሐሳቡን አይለውጥም።

ታዲያ የመንካት ማንቂያ ጥቅም የለውም ማለት ነው? አለው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። እንዴት እንደማዋቅረው በአንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳይ። ቁጥሮቹን ለማብራሪያ አስተካክያቸዋለሁ።

አንድ አክሲዮን ዛሬ 54 ዶላር ነው። ለሁለት ወር ያህል ከ50 ዶላር ላይ እየነጠረ ሲነሣ አይቻለሁ፤ የ50 ቀን አማካዩም እዚያው አካባቢ ነው። ወደ 50 ቢመለስና እዚያ ቢጸና መግዛት እፈልጋለሁ። ኤ.ቲ.አሩ 1.20 ዶላር ነው፤ ማለትም በተለመደ ቀን ይህን ያህል ይወጣል ይወርዳል። የመጀመሪያውን ማንቂያ የማደርገው 50 ላይ አይደለም። 50 ላይ ካደረግሁት ሲጮህ ነገሩ ደርሷል፤ እኔ ደግሞ ቁልፍ እየተቀበልኩ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንዲነግረኝ የአንድ ቀን እንቅስቃሴ እጨምርበታለሁ፦ 50 ሲደመር 1.20፣ 51.20 ዶላር። ይህኛው መንካትን የሚጠብቅ፣ አንዴ ብቻ ጮሆ የሚጠፋ ነው። ሲመጣ የማደርገው ነገር «ዛሬ ማታ ይህን አክሲዮን ተመልከት» የሚለውን ማንበብና ስልኩን ኪስ መክተት ነው። በሩቁ የታየ እንግዳ ነው፤ ቡና ማቁላት ለመጀመር ጊዜ ይሰጣል።

ርቀቱን በዶላር ወይም በመቶኛ ሳይሆን በኤ.ቲ.አር. የምለካው አክሲዮኖች እኩል ስለማይራመዱ ነው። አንድ ዶላር ለአንዱ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ለሌላው ደግሞ የግማሽ ሰዓት። የመጀመሪያውን ዓመት ማንቂያዎቼን በሙሉ ሁለት በመቶ ላይ አድርጌያቸው ነበር። ዝግተኛዎቹ ከሳምንት በፊት ይነግሩኛል፤ ፈጣኖቹ ጮኸው ሳልጨርስ ያልፋሉ።

ሁለተኛው ማንቂያ የመግቢያው ነው። እዚህ ላይ ነው ጠቋሚውን የማስገባው፤ ብቻውን ግን አይደለም። አር.ኤስ.አይ. ከ40 በታች ወርዶ እንደገና 40ን ወደ ላይ ሲያልፍ፣ ዋጋውም ከ50 ቀን አማካዩ በላይ ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ቀን መዝጊያ ላይ ሲገናኙ ብቻ ይጩኽ። ትሬዲንግቪው በራሱ የኮድ ቋንቋ እንዲህ ያስጽፋል፦

```
//@version=5
indicator("Pullback", overlay=true)
ma = ta.sma(close, 50)
r = ta.rsi(close, 14)
turn = ta.crossover(r, 40)
plot(ma)
alertcondition(turn and close > ma, "Pullback", "Check tonight")
```

ኮድ የሚያስፈራው አንባቢ ከዚህ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ይያዝ፦ `crossover`። ትርጉሙ ትናንት በታች የነበረው ዛሬ በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ፈንታ «አር.ኤስ.አይ. ከ40 በላይ ከሆነ» ብለን ብንጽፍ በየቀኑ ይጮሃል፤ ምክንያቱም አብዛኛው አክሲዮን አብዛኛውን ቀን ከ40 በላይ ነው። የሚፈለገው ዜና በሩ መከፈቱ ነው፤ ክፍት ሆኖ መቆየቱን በየቀኑ ማንም ሊነግረኝ አይገባም። 31 ጊዜ ከጮኹት ውስጥ ግማሽ ያህሉ የዚህ ዓይነት ስሕተት ውጤቶች ነበሩ።

ሦስተኛውን ማንቂያ ብዙ ሰው አይሠራውም፤ እኔ ግን ከሦስቱ የምወደው እሱን ነው። ቀኑ ከ49.40 በታች ቢዘጋ፣ ማለትም ከ50 ላይ የኤ.ቲ.አሩ ግማሽ ሲቀነስ፣ ሐሳቤ ፈርሷል ማለት ነው። መልእክቱ «ተወው፤ ሌሎቹን ሁለቱን አጥፋ» ይላል። ይህ ባይኖር አክሲዮኑ 44 ሲደርስ «አሁንማ ረክሷል» የሚለው ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ያ ሐሳብ ስንት ዶላር እንዳስከፈለኝ ባለቤቴ ታውቃለች።

እንግዲህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ጮኸ እንበል። ማታ አየሁት፤ ምንም አላደረግሁም። ረቡዕ በ50.20 ዘጋ፣ አር.ኤስ.አይ. 38 ነው። ሐሙስ በ50.75 ዘጋ፣ አር.ኤስ.አይ. 42 ሆነ። 10 ሰዓት ላይ ሁለተኛው መልእክት መጣ። ቤት ደርሼ እራት በልቼ ሒሳቡን እሠራለሁ። አካውንቴ ውስጥ 4,000 ዶላር አለ፤ በአንድ ትሬድ ከመቶ አንድ፣ 40 ዶላር በላይ ማጣት አልፈልግም። ለዓርብ ከ50.90 በላይ እንዳይከፍል አድርጌ የመግዣ ትእዛዝ አስገባለሁ። ስቶፕ ሎሱን 48.20 ላይ አደርጋለሁ፤ ከ50 በታች አንድ ተኩል ኤ.ቲ.አር. ነው። በ50.90 እና በ48.20 መካከል 2.70 አለ። 40ን ለ2.70 ሳካፍል 14 አክሲዮን ይደርሰኛል። ዓርብ ጠዋት 52 ላይ ቢከፈት ትእዛዙ አይገባም፤ ይቅር። ከገባ ደግሞ ስቶፑ አብሮት ይገባል፤ እኔ ትኬት እቆርጣለሁ።

ስቶፑ ማንቂያ ሳይሆን ብሮከሩ ጋ የተቀመጠ ትእዛዝ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። «48.20 ሲደርስ ይጩኽልኝና እኔው እሸጣለሁ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ማንቂያ ሰው ይጠራል፤ የተጠራው ሰው ደግሞ መኪና እየነዳ፣ በሽተኛ እየነሣ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሊሆን ይችላል። ለመግባት መዘግየት የሚያስቀረው ትርፍ ነው፤ ለመውጣት መዘግየት ግን ያለውን ያስበላል። እርግጥ ስቶፕም ፍጹም ጋሻ አይደለም። ኩባንያው ገበያ ከተዘጋ በኋላ መጥፎ የሩብ ዓመት ሪፖርት ቢያወጣና በማግሥቱ 45 ላይ ቢከፈት፣ 48.20 ላይ የተቀመጠው ስቶፕ የሚሸጠው 45 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የሪፖርቱን ቀን አያለሁ፤ በዚያ ሳምንት ከሆነ ማንቂያው ቢጮህም አልነካውም።

የማንቂያውን ጽሑፍ በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ፕሮግራሙ በራሱ የሚሞላው መልእክት የአክሲዮኑን ስምና ዋጋውን ብቻ ይናገራል። እኔ ሲሠራ ያሰብኩትን ሁሉ እጽፍበታለሁ፦ «ሐሳብ፦ ከ50 መነጠር። ዛሬ ማታ፦ 14 አክሲዮን፣ ከ50.90 በላይ አይከፈልም፣ ስቶፕ 48.20። ሪፖርት በሚቀጥለው ወር።» ከሦስት ሳምንት በኋላ ደክሞኝ የማነበው ሰው እኔ አይደለሁም ማለት ይቻላል፤ ለዚያ ለደከመው ሰው ነው የምጽፈው። ዋጋዎቹ ከተቀያየሩ ቁጥሩን አስተካክላለሁ፣ ሐሳቡን ግን እንደገና ከባዶ አላስብም።

አሁን ስለሚበላሸው። ትልቁ ጉዳይ ማንቂያው የሚኖርበት ቦታ ነው። ትሬዲንግቪው ላይ የተሠራ ማንቂያ የሚጠብቀው በእነሱ ማሽን ላይ ነው፤ ኮምፒውተራችን ቢዘጋም ይሠራል። ሜታትሬደር በኮምፒውተር ላይ ግን ማንቂያው ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ ላፕቶፑ ሲዘጋ እሱም ይተኛል። እዚያው ላይ ዋጋውን እየተከተለ የሚጠጋው ስቶፕ እንኳ ፕሮግራሙ ሲጠፋ መከተሉን ያቆማል፤ መጨረሻ የደረሰበት ቦታ ላይ ይቀራል። ይህን ሳያውቁ ሥራ የሚሄዱ ብዙ ናቸው።

ሌላው በዝምታ የሚበላሽ ነው። ትሬዲንግቪው ማንቂያ ሲሠራ የጠቋሚውን ቅንብር በዚያች ቅጽበት እንዳለ ይገለብጣል። በኋላ ቻርቱ ላይ 14ን ወደ 21 ብንቀይር ማንቂያው አሁንም በ14 ነው የሚያስበው። ዓይናችን አንድ ነገር እያየ ጆሯችን ሌላ ይሰማል ማለት ነው። ጠቋሚውን ከነካን ማንቂያውንም አጥፍቶ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ደግሞም በብዙዎቹ የክፍያ ደረጃዎች ማንቂያ የማብቂያ ቀን አለው፤ ቀኑ ሲደርስ ያቆማል። አክሲዮን ሲከፋፈልም እንዲሁ ነው። ኤንቪዲያ በጁን 2024 አንዱን አክሲዮን በ10 ሲከፍል፣ ዓርብ ከ1,200 ዶላር በላይ የዘጋው ሰኞ 120 አካባቢ ሆኖ ከፈተ። «ከ1,000 በታች ሲሆን» ተብሎ በቁጥር የተቀመጠ ማንቂያ ከዚያ በኋላ ምን ትርጉም አለው? ማንም ምንም አላጣም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የተለወጠው።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ግን ዝምታ ሁለት ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። ስልኩ ዝም ሲል ወይ ምንም አልተፈጠረም፣ ወይ መስመሩ ተበጥሷል፦ ማንቂያው አልቆበታል፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን አስተኝቶታል፣ አትረብሹኝ የሚለው በርቷል። እኔ ለዚህ አንድ ብልሃት አለኝ። የአሜሪካን ትልልቅ ኩባንያዎች በጥቅል በሚይዘው `SPY` ላይ፣ በቀን ካንድል፣ ዋጋው ከ0 በላይ ሆኖ ሲዘጋ ንገረኝ ብዬ አዝዣለሁ። ከ0 በላይ መዝጋቱ የማይቀር ስለሆነ በየሥራ ቀኑ 10 ሰዓት ላይ «አለሁ» የምትል አንዲት መልእክት ትመጣለች። እሷ በቀረች ቀን ሌሎቹንም አላምንም፤ ማታ ገብቼ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።

ይህን ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ለሚያነብ ዘመዴ አንድ ነገር ልጨምር። የኒውዮርክ መዝጊያ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ዱባይ ላይ ከሌሊቱ 6። በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ሲመልሱ በሁለቱም አገር አንድ ሰዓት ይገፋል፤ በማርች ሁለተኛ እሑድ ይመለሳል። እናንተ ጋ ሰዓት የሚነካ የለም። መዝጊያ የሚጠብቅ ማንቂያ ለእናንተ የሚስማማው ጠዋት ተነሥታችሁ ስታነቡት ነው፤ ትእዛዙን ለማስገባት ገበያው እስኪከፈት ቀኑ በሙሉ አለላችሁ። ሌሊት እንዲቀሰቅሳችሁ የምታደርጉበት ምንም ምክንያት አይታየኝም።

በየወሩ መጨረሻ ማንቂያዎቼን ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። ስንት ጮኹ፣ በስንቱ የሆነ ነገር አደረግሁ? ሁለት ጊዜ ጮሆ ሁለቴም ዝም ያልኩበትን እሰርዛለሁ። ባለፈው ወር የመጡት፣ ያቺን «አለሁ» የምትለውን ሳንቆጥር፣ 11 ነበሩ። በሰባቱ እርምጃ ወስጃለሁ፤ ከሰባቱ ሦስቱ «ተወው» የሚሉት ናቸው።

ዛሬ ማታ አካውንታችሁን ከከፈታችሁ ግን ከማንቂያ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ የያዛችሁትን አክሲዮን አንድ በአንድ ተመልከቱና ስቶፕ ያልተቀመጠበት ካለ እሱን አስገቡ። ሌላው ነገ ይደርሳል።